1 ኪሎ ዱቄት በ600 ግራም ውሃ ቢቦካ ስንት ቂጣ ይወጣዋል?

ናቲ_ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ እንግዳ ስላለብኝ ቂጣ ልጋግር ነው። እርሾ የሌለው፣ ሳሳ ያለ፣ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን። ያለኝ 1 ኪሎ ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው። ውሃ 600 ግራም፣ ዘይት 30 ግራም፣ ጨው 15 ግራም አደርግበታለሁ።

ግራ የገባኝ ቁጥሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንዱ «12 ይወጣዋል» ይላል። ሌላው ከ25 በላይ ያደርሰዋል። የሁለቱም ዱቄት ያው 1 ኪሎ ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል? ሳልጋግር በፊት ቁጥሩን የማውቅበት መንገድ አለ ወይስ ዝም ብሎ ግምት ነው? እስከ 1 ግራም ድረስ የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን አለኝ።

የጓዳ_ሰው

ለአንድ ቂጣ 50 ግራም ዱቄት ያዝ። 1 ኪሎ ካለህ 20 ነው። አለቀ። እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የማሰላው። ውሃውን መዝኜ አላውቅም፣ እጄ ይነግረኛል።

ሊጥና_ሚዛን

የጓዳ_ሰው ያለው ለራሱ በደንብ ይሠራል። በአንድ መጥበሻ፣ በለመደው ስሳት፣ እጁ በለመደው ልስላሴ ስለሚጋግር ሦስቱም አይቀያየሩበትም። ናቲ ግን የሱ እጅም የሱ መጥበሻም የለውም። ስለዚህ ከዱቄቱ ሳይሆን ከሊጡ ቢነሳ ይሻለዋል።

ናቲ፣ መጀመሪያ የገባውን ሁሉ ደምረው። 1000፣ 600፣ 30 እና 15 ሲደመር 1645 ግራም ነው። ክብደት የትም አይሄድም። ሳህኑ ላይ፣ ጣትህ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረውን ብቻ ቀንስ። ለዚህ መጠን 30 ግራም በቂ ነው። 1615 ቀረ።

አሁን የአንዱ ቂጣ ክብደት ነው የሚጎድልህ። ስፋቱን ነግረኸናል፣ ውፍረቱን ግን አልነገርከንም። ጠቡ ያለው እዚያ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይይዛል። ጥሬው 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 63 ሚሊ ሊትር ሊጥ ማለት ነው። ያልቦካ የቂጣ ሊጥ ከውሃ ከበድ ይላል፤ 1 ሚሊ ሊትሩ ወደ 1.2 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አንዱ 75 ግራም ይሆናል። 1615ን ለ75 ስታካፍል 21 ቂጣ ይወጣና ትንሽ ይተርፋል።

እዚያው 1 ኪሎ ዱቄት ላይ ውፍረቱን ብቻ ቀያይር። 1.5 ሚሊ ሜትር ካደረግከው 28 ይወጣል። 3 ካደረግከው 14። 3.5 አካባቢ ስትደርስ 12 ትሆናለህ። ያየሃቸው ሁለቱም ሰዎች አልዋሹም። አንዱ ወፍራም ይወዳል፣ ሌላው ስስ፤ ይሄን ግን ሁለቱም አልጻፉትም።

ናቲ_ጀማሪው

በጣም አመሰግናለሁ። ግን 2 ሚሊ ሜትር በምን ይለካል? ማስመሪያ ሊጡ ጎን ላይ አቁሜ ሞከርኩ፣ 2 ይሁን 3 አይለይም። ከዚያ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ብሳሳት ከ21 ወደ 14 ወረድኩ ማለት ነው። ይሄ ግምት ነው ታዲያ?

ሊጥና_ሚዛን

ውፍረት አትለካ። በማስመሪያ አይሆንም፣ ልክ ነህ። ጠርዙ ሁሌም ከመሀሉ ይለያል። ሂሳቡን የሠራሁት መነሻ እንዲሆንህ ነው።

ሊጡን አቡክተህ ስታበቃ 75 ግራም ቁረጥ። ዳምጠው፣ ጋግረው፣ ብላው። «ይሄ ነው የምፈልገው» ካልክ 75 ቁጥርህ ነው። ወፈረብህ? የሚቀጥለውን 65 አድርገው። ሳስቶ ተቀደደብህ? 85። የወደድከውን ክብደት ስታገኝ የቀረውን ሊጥ ሙሉውን መዝንና ለዚያ አካፍል። ከዚያ በኋላ ግምት የለም፣ ማካፈል ብቻ ነው።

ጤና_ይቅደም

አንዱ ቂጣ ስንት ካሎሪ ነው? ለ2 ሰው ስንት ይበቃል?

የጓዳ_ሰው

@ጤና_ይቅደም ጥያቄው ስንት ይወጣዋል ነው እንጂ ስንት ይበላል አይደለም 😄

ሊጥና_ሚዛን

ያም ቢሆን መንገዱ ቅርብ ነው። 75 ግራም ሊጥ ውስጥ ያለው ዱቄት ወደ 46 ግራም ነው። ካሎሪውን የዱቄቱ ከረጢት ላይ ከተጻፈው አስላው፤ ውሃ ምንም አይጨምርም። ዘይቱን ብቻ አትርሳ፣ በአንዱ ቂጣ ውስጥ 1 ግራም ከምናምን ይገባል። ለስንት ሰው ይበቃል ለሚለው ግን ሚዛን የለኝም።

የጓዳ_ሰው፣ 46 ያልኩትን አየህልኝ? ያንተ 50 ከየት እንደመጣ ያሳያል። አንተ ከ20 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ሰፋ አድርገህ ወይም ትንሽ ወፈር አድርገህ ነው የምትጋግረው።

የጓዳ_ሰው

የኔ መጥበሻ 22 ነው።

ሊጥና_ሚዛን

22 ከሆነማ በ2 ሚሊ ሜትር 91 ግራም ሊጥ ይበላል። በናቲ አሠራር ብናስበው 17 ቂጣ ነው የሚወጣው። አንተ 20 የምታወጣው ከ2 ሚሊ ሜትር አሳስተህ ስለምትዳምጠው መሆን አለበት። ስፋት ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲጨምር ሊጡ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይጨምራል። በዓይን ስታየው ያን ያህል ልዩነት ያለው አይመስልም።

እትዬ_ዘ

ልጆች፣ በሂሳቡ አልገባም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ናቲ 75 ግራሙን ሲዳምጠው 20 አይደርስለትም። እየተለጠጠ ይመለስበታል። መዳመጫውን ሲያነሳ ሊጡ ይሰበሰባል። ከዚያ «ሊጡ አነሰኝ» ብሎ 100 ግራም ይቆርጣል። ቁጥሩ የሚጎድለው ያኔ ነው።

ሊጡ ስላልረፈ ነው እንጂ አንሶት አይደለም። አቡክቶ፣ ሸፍኖ፣ ግማሽ ሰዓት ይተወው። ቆራርጦ ካድቦለቦለ በኋላም እንደገና ትንሽ ያሳርፈው። እርጥብ ጨርቅ ያልብሰው፣ አለበለዚያ ላዩ ይደርቅና ሲዳመጥ ይሰነጠቃል።

ሊጥና_ሚዛን

እትዬ፣ ይሄን ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን። በቁጥር ላስደግፈው። 75 ግራሙ 20 ደርሶ ወደ 17 ቢመለስ ውፍረቱ ከ2 ወደ 2.8 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ክብደቱ ያው ነው። የቂጣው ቁጥርም ያው 21 ነው። ሰውየው ግን መጥበሻው ላይ ባዶ ቦታ ስለሚያይ ሊጥ ይጨምራል። ናቲ፣ እንዲህ ከገጠመህ ክብደቱን ሳትነካ ሊጡን አሳርፈው።

ብሌን_ጠዋት

ይቅርታ፣ የኔ ቂጣ ሳይሆን ፓንኬክ ነው። ግን ጥያቄው አንድ ዓይነት ስለመሰለኝ እዚሁ ልጠይቅ። 250 ግራም ዱቄት፣ 500 ግራም ውሃ። እንቁላልም ወተትም አልጨምርም። ጭልፋዬ ላይ 60 ሚሊ ሊትር ይላል። ሁሌ የሚወጣልኝ 9 ነው። ጓደኛዬ በዚሁ ልክ 16 መውጣት አለበት ብላ ትከራከረኛለች። ማናችን ነን ትክክል?

ሙሉ_ኩባያ

ጓደኛሽ ልክ ነች። 250 ግራም ዱቄት 2 ኩባያ ነው። 500 ግራም ውሃም 2 ኩባያ አካባቢ ነው። ሲደመር 4 ኩባያ። አንድ ጭልፋ ሩብ ኩባያ ከሆነ 16 ጭልፋ ይወጣል። 9 ብቻ የሚወጣሽ ከሆነ ግማሹ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ወይ ደግሞ እየቀመስሽ ትጨርሺዋለሽ 😅

ሊጥና_ሚዛን

ሙሉ_ኩባያ፣ 250 ግራም ዱቄት 2 ኩባያ ነው ያልከው ልክ ነው። ችግሩ መደመሩ ላይ ነው። ኩባያው ውስጥ ያለው ዱቄት አብዛኛው አየር ነው። ውሃ ሲገባበት አየሩ ይወጣል፣ ውሃውም በቅንጣቶቹ መሀል ይገባል። ስለዚህ 2 ኩባያ ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲገባ 2 ኩባያ ቦታ አይወስድም።

የዱቄት ቅንጣት ራሱ፣ አየሩ ሲቀር፣ 1 ሚሊ ሊትሩ ወደ 1.45 ግራም ይመዝናል። 250ን ለ1.45 ስናካፍል 172 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በ500ው ላይ ስንደምረው 672። አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። 672ን ለ60 ስናካፍል 11 ፓንኬክ ነው። 16ቱ የመጣው አየሩም አብሮ ተቆጥሮ ነው።

ለማረጋገጥ ከፈለግሽ መስመር ያለው መለኪያ ማሰሮ ውስጥ 500 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጊና 250 ግራም ዱቄቱን አማስይበት። አረፋው ሲወርድ መስመሩን እዪ።

ሙሉ_ኩባያ

እሺ፣ 11 ይሁን። እሷ ግን 9 ነው የሚወጣኝ ያለችው። ሁለቱስ የት ገቡ?

ሊጥና_ሚዛን

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዱ ሳህን ላይ ይቀራል። ቀጭን ሊጥ የሳህኑን ግድግዳ ሁሉ ለብሶ ይቀራል። 35 ግራም ብትይ አልተጋነነም። 750 ግራም ላይ ደግሞ 35 ትንሽ አይደለም፣ ግማሽ ፓንኬክ ነው። ሦስት እጥፍ ብታቦኪ ግን በዚያው ሳህን የሚቀረው ሦስት እጥፍ አይሆንም። የሳህኑ ግድግዳ ያው ነውና። ስለዚህ ትንሽ የሚያቦካ ሰው በመቶኛ ሲታይ ብዙ ይጎድልበታል።

የቀረው ጭልፋው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ብሌን፣ ሳህኑን ሊጡ እንዳለበት ሚዛን ላይ አስቀምጪና ሚዛኑን ዜሮ አድርጊው። እንደለመድሽው አንድ ጭልፋ ቀድተሽ መጥበሻው ላይ ገልብጪ። ሚዛኑ ከዜሮ በታች ስንት ይላል?

ብሌን_ጠዋት

አሁን አደረግኩት። −79 ይላል። ሁለተኛው −78። ሦስተኛው −81።

ሊጥና_ሚዛን

ተገኘ። ያንቺ ሊጥ 1 ሚሊ ሊትሩ 1.12 ግራም አካባቢ ነው። 79 ግራም ማለት 71 ሚሊ ሊትር ነው። ጭልፋው ላይ የተጻፈው 60 የውስጡ መስመር ድረስ ይሆናል። አንቺ እስከ አፉ ትሞዪዋለሽ፣ ከጀርባውም የተንጠለጠለ ሊጥ አለ። 750 ሲቀነስ 35፣ ሲካፈል ለ79። ይኸው 9።

ብሌን_ጠዋት

ኧረ! በቃ 9 መሆኑ ትክክል ነበር። ታዲያ 11 እንዲወጣልኝ ውሃ ብጨምርስ?

የጓዳ_ሰው

ውሃ ስትጨምሪ ይበዛል። ግልጽ ነው።

ሊጥና_ሚዛን

ይበዛል፣ ግን የሚበዛው በዋናነት በክብደቱ አይደለም። ውሃ መጥበሻው ላይ ሊጡ እንዴት እንደሚዘረጋ ነው የሚቀይረው። ይሄን ነገር ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ብሌን ውሃዋን ከ500 ወደ 400 ብትቀንስ ጠቅላላው ከ750 ወደ 650 ይወርዳል። ይሄ ከስምንት አንድ እጅ እንኳ በትንሹ ነው የሚበልጠው። በዚህ ብቻ ከሆነ 9 የነበረው ወደ 8 ቢወርድ ነው። ግን የወፈረው ሊጥ መሀል ላይ ክምር ይላል፣ ወደ ጠርዝ አይሄድም። መጥበሻውን ለመሸፈን ጭልፋ ተኩል ያስፈልጋታል። ያኔ 5 ወይም 6 ብቻ ይወጣል። ሲቀጥን በተቃራኒው ጭልፋው ሳይሞላም መጥበሻው ይሸፈናል፣ ቁጥሩም ከክብደቱ በላይ ይጨምራል።

ቀጭን ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ሲገለበጥ ይቀደዳል። የተቀደደ ፓንኬክ ቁጥር ውስጥ ይግባ አይግባ እናንተ ወስኑ።

እትዬ_ዘ

ሊጡ ቆይቶ ይወፍራል ይሄንንም አትርሱ። አቡክታ ወዲያው የጋገረችውና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የምትጋግረው አንድ አይደለም። ዱቄቱ ውሃውን እየጠጣ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ስስ፣ የመጨረሻዎቹ ወፍራም ይሆኑባታል። አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጣል አድርጋ ታስተካክለው።

ብሌን_ጠዋት

እትዬ፣ ይሄ ልክ የኔ ነገር ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሁሌ እንደ ዳቦ ይወፍሩብኛል።

ቁጥር_ወዳጅ

ሁሉም ከዱቄት ተነስቶ ወደ ቁጥር ነው የሚሄደው። ሠንጠረዥ ላይ እንዲህ ይጻፋል። A1 ዱቄት፣ B1 ውሃ፣ C1 ዘይት፣ D1 ጨው፣ E1 የሚቀረው፣ F1 የአንዱ ክብደት፣ ሁሉም በግራም፦

```
=INT((A1+B1+C1+D1-E1)/F1)
```

በናቲ ቁጥሮች 21 ይሰጣል። ውሃውን 650 አድርጌ አየሁት፣ 22 አለ። 500 አድርጌ አየሁት፣ 20 አለ። ውሃ ላይ ሰው የሚጨነቀውን ያህል ቁጥሩ አይነቃነቅም። F1ን ከ75 ወደ 85 ብቻ ሳደርገው ግን 19 ሆነ። ለቂጣ ከሆነ ሚዛኑን ለእያንዳንዱ ድቡልቡል ነው መጠቀም ያለባችሁ።

ሊጥና_ሚዛን

ቆንጆ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። INT ሁሌም ወደ ታች ነው የሚቆርጠው። 21.9 ቢመጣ 21 ብሎ 67 ግራም ገደማ ሊጥ ሜዳ ላይ ይተውሃል። ሰው ደግሞ ያችን ትርፍ ትንሽዬ ቂጣ ያደርጋታል፤ ከሌሎቹ ቀድማ ትደርቃለች፣ ጠርዟም ይቃጠላል። ከዚያ ይልቅ ቁጥሩን ወስነህ ሊጡን መልሰህ በዚያ ቁጥር አካፍለው። 21.9 ከመጣ 22 አድርገው፣ እያንዳንዱን ግማሽ ግራም እንኳ በማይሞላ ታሳንሰዋለህ። ማንም አያውቅብህም።

ናቲ_ጀማሪው

እሺ፣ ዛሬ ሙከራውን አደረግኩ። ከሳህኑ ላይ ፍቄ ያወጣሁት ሊጥ 1621 ግራም መዘነ። ከ1645ቱ 24 ግራም ሳህኑና እጄ ላይ ቀረ ማለት ነው። 75 ግራም ቆርጬ ዳመጥኩት። እትዬ እንዳሉት ተመለሰ፣ 17 ላይ ቆመ። ሸፍኜ አሳረፍኩትና ሁለተኛውን ስዳምጥ ያለ ትግል 20 ሊሞላ ደረሰ። ስሳቱ ተመችቶኛል። 1621ን ለ21 ሳካፍል 77 ግራም መጣ። እሱን ይዤ ሁሉንም በ77 ልቆርጥ ነው፣ የሚተርፈው 4 ግራም ብቻ ነው።

ያልገባኝ ነገር አለ። 77 ቆርጬ ከዳመጥኩ በኋላ መልሼ ስመዝነው 80 ሆኗል። 3 ግራም ከየት መጣ?

እትዬ_ዘ

እንዳይጣበቅ የነሰነስከው ዱቄት ነዋ።

ሊጥና_ሚዛን

አዎ። 21 ጊዜ 3 ግራም 63 ግራም ነው። አንድ ቂጣ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፣ ግን ቂጣ አይሆንም፤ በየቂጣው ላይ ተበትኗል። ቁጥሩን የምትቆጥረው ከመነስነስህ በፊት ባለው ክብደት ስለሆነ ስሌቱ ላይ አታስገባው። ዱቄትህ ግን ልክ 1 ኪሎ ብቻ ከሆነ አስቀድመህ 80 ወይም 100 ግራም ለመነስነሻ አስቀርና ከ900 ተነስተህ አስላ። ሰው 1 ኪሎውን ሁሉ አቡክቶ መነስነሻ ሲያጣ አይቻለሁ።

ናቲ_ጀማሪው

ሁለተኛ ከረጢት አለኝ፣ ችግር የለም። ግን እንግዶቹ ከፍ ብለዋል። 40 ቂጣ ቢያስፈልገኝ ስንት ዱቄት ላቡካ?

ቁጥር_ወዳጅ

ወደ ኋላ ነው የሚሰላው። 40 ጊዜ 77 ማለት 3080 ግራም ሊጥ ነው። የሚቀረውን 50 ብለን 3130። ባንተ አሠራር 1 ግራም ዱቄት 1.645 ግራም ሊጥ ይሰጣል። 3130ን ለ1.645 ስታካፍል ወደ 1903 ግራም ዱቄት ይመጣል። 1.9 ኪሎ በለው። ውሃው በ0.6 ተባዝቶ 1140 ግራም፣ ዘይት 57፣ ጨው 28 ወይም 29።

የጓዳ_ሰው

በኔ ቢሆን 40 ጊዜ 50፣ 2 ኪሎ። ልዩነቱ 100 ግራም ነው። ለዚህ ሁሉ ሂሳብ?

ቁጥር_ወዳጅ

ያ 100 ግራም ዱቄት 164 ግራም ሊጥ ነው፣ ሁለት ቂጣ። ለሱ ግድ ከሌለህ ያንተ ይሻላል፣ ፈጣን ነው።

ሊጥና_ሚዛን

እኔም እዚህ ላይ ከየጓዳ_ሰው ጋር ነኝ። ሰው ከመጣብህ ሁለት ቢተርፍ ይሻላል። ዱቄቱን ብትቀይር ግን፣ ለምሳሌ ያልተነፋ ዱቄት ብታደርግ፣ 50ው ይከዳሃል። ያልተነፋ ዱቄት ገለባውም ስለሚጠጣ ለዚያው ልስላሴ ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል። በ700 ግራም ውሃ ከቦካ 1 ኪሎው 1745 ግራም ይሆናል፣ አንድ ቂጣ ይጨምርልሃል። ስስ አድርጎ መዳመጥ ግን ይከብዳል፤ ገለባው ሊጡን ይቆርጠዋል። የጨመረችውን አንድ ቂጣ ውፍረቱ መልሶ ይወስዳታል።

አረፋ_በአረፋ

የኔ ፓንኬክ ደግሞ እርሾ አለው። ሊጡ ሌሊቱን እጥፍ ሆኖ ያድራል። ታዲያ ቁጥሩም እጥፍ ይሆናል? ብሌን 9 ካወጣች እኔ 18?

ሊጥና_ሚዛን

አይሆንም። ያበጠው በጋዝ ነው፣ ጋዙ ክብደት አያመጣም። ሚዛን ላይ ብታስቀምጠው ማታ የነበረውን ያህል ነው፣ እንዲያውም ጥቂት ቢቀንስ ነው። ግን ሳታማስል በጭልፋ ከቀዳህ ጭልፋው ውስጥ ግማሹ አረፋ ስለሆነ ብዙ ጭልፋ ታወጣለህ። እያንዳንዱ ፓንኬክ ግን ቀሎ ነው የሚወጣው። የመጨረሻዎቹ ደግሞ፣ አረፋው እስከዚያ ስለሚወርድ፣ በአንድ ጭልፋ ይከብዳሉ። በጭልፋ ከቆጠርክ ቁጥርህ በየጠዋቱ ይለያያል። ብሌን እንዳደረገችው በሚዛን ቅዳው።

አረፋ_በአረፋ

ካማሰልኩት ግን አረፋው ይጠፋል፣ እኔ የምወደው እሱን ነው።

ሊጥና_ሚዛን

አታማስለው እንግዲህ። ክብደቱን እየጠበቅክ ከዳር በቀስታ ቅዳ። ጭልፋው መጀመሪያ ላይ ሞልቶ ይታያል፣ መጨረሻ ላይ ጎደል ብሎ። ሚዛኑ ያው ይላል።

ፌስታል_ሙሉ

እኔ ቂጣ ጋግሬ እያሸግኩ ነው የምሰጠው። አንድ ማሸጊያ ውስጥ 500 ግራም የተጋገረ ቂጣ መግባት አለበት። ጥሬውን 500 አድርጌ ስጋግር ሁሌም ይጎድላል። ከምድጃ በኋላ ስንት እንደሚቀንስ የሚያውቅ አለ? እኔ ጋ 77 ግራሙ ተጋግሮ 62 ይሆናል።

ቁጥር_ወዳጅ

እኔ ጋ 77ቱ 69 ነው። ያንተ በጣም ደርቋል።

ፌስታል_ሙሉ

አልደረቀም፣ ይጠቀለላል።

ሊጥና_ሚዛን

ሁለታችሁም የምትሉት ሊሆን ይችላል። 77 ግራም ሊጥ ውስጥ የጨመራችሁት ውሃ 28 ግራም ነው። ዱቄቱ ራሱ ይዞት የሚመጣው እርጥበትም አለ፣ 6 ግራም ገደማ። ስለዚህ ሊተን የሚችለው 34 ግራም አካባቢ ነው። ቁጥር_ወዳጅ 8 ግራም ነው ያተነነው። ፌስታል_ሙሉ 15። ሁለቱም ገና ውሃ አላቸው።

ልዩነቱ ከጊዜው ነው የሚመጣው። መጥበሻው በደንብ ሲግል ቂጣው ቶሎ ይነጠብጣል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ውሃው ለመትነን ጊዜ አያገኝም። እሳቱ ሲቀንስ ቀለም እስኪያወጣ ድረስ ብዙ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ ይተናል። ስሱ ደግሞ ከወፍራሙ ይበልጥ ይቀንሳል።

ለማሸጊያህ የራስህን ቁጥር ያዝ። 62ን ለ77 ስታካፍል 0.805 ነው። 500ን ለ0.805 አካፍለው፣ 621 ግራም ጥሬ ሊጥ ለአንድ ማሸጊያ ያስፈልግሃል። ስምንት ከሆኑ እያንዳንዱ 78 ግራም። በቁጥር_ወዳጅ መጥበሻ ቢሆን ግን 558 ይበቃ ነበር።

ቁጥር_ወዳጅ

መቼ ነው የምትመዝነው ግን፣ ከምድጃው ስታወርደው ወይስ ሲቀዘቅዝ? እኔ እንዳወረድኩት ነው የመዘንኩት።

ፌስታል_ሙሉ

ሲቀዘቅዝ። ሽቦ ላይ ዘርግቼ።

ቁጥር_ወዳጅ

ይኸው! እንፋሎቱ ሲወጣ ይቀንሳል። አንድ ሁለት ግራም እዚያ ነው የሄደብህ።

እትዬ_ዘ

ሽቦ ላይ ከዘረጋኸው ይደርቃል። ደራርበህ በጨርቅ ሸፍነው፣ ውሃውን ይዞ ይለሰልሳል።

ፌስታል_ሙሉ

ከደረብኩት ማሸጊያው ውስጥ ላብ ይይዝና ይሻግትብኛል፣ እትዬ። ለዛሬ ለሚበላ ከሆነ እሺ፣ ለማሸጊያ ግን አይሆንም።

ሊጥና_ሚዛን

አንድ ወይም ሁለት ግራም ቢሄድ እንኳ የ7 ግራሙን ልዩነት አይሞላውም። ፌስታል_ሙሉ፣ አንዱን እንዳወረድከው መዝነው፣ ያንኑ ቀዝቅዞ መልሰህ መዝነው። ቁጥር_ወዳጅም እንደዚያው ያድርግ። ከዚያ የእሳቱ ነው ወይስ የማቀዝቀዣው እንለየዋለን።

ፌስታል_ሙሉ

ነገ ጠዋት ስጋግር አደርገዋለሁ። ጥሬ ሊጡን ግን ከዛሬ ጀምሮ በ621 ነው የምመዝነው።